ሦስተኛ ፎቅ ወጥቶ የሁለተኛውን ዋይፋይ የማይለቅ ስልክ

ባለ ብዙ ፎቅ ቢሮ ውስጥ የሚሠራ ሰው ይህን አቤቱታ ያውቀዋል። ሠራተኛው ከሁለተኛ ፎቅ ተነሥቶ ሦስተኛ ፎቅ ወዳለው የስብሰባ ክፍል ሲገባ የጀመረው የቪዲዮ ጥሪ መቆራረጥ ይጀምራል። ስልኩ ላይ የዋይፋይ ምልክቱ አለ፤ ኢንተርኔቱ ግን ይንቀራፈፋል። ዋይፋዩን አጥፍቶ መልሶ ሲያበራው ወዲያው ይስተካከላል። ብዙ ጊዜ የሚወቀሰው ኢንተርኔት አቅራቢው ነው፤ ቀጥሎም ተጨማሪ አክሰስ ፖይንት ይገዛል። ነገር ግን አጥፍቶ ማብራቱ መፍትሔ ከሆነ ጥፋቱ ከውጭ በሚገባው መስመር ላይ አይደለም። ስልኩ የታችኛውን ፎቅ አክሰስ ፖይንት ሙጭጭ ብሎ ይዞ ነበር ማለት ነው፤ ሲበራ ግን እንደ አዲስ ፈልጎ ቅርቡን አገኘ።

ብዙ ሰው አክሰስ ፖይንቶቹ ተነጋግረው ስልኩን ከአንዱ ወደ ሌላው የሚያስተላልፉት ይመስለዋል። በዋይፋይ አሠራር ግን መቼ እንደሚለቅና ወደ የትኛው እንደሚዛወር የሚወስነው ስልኩ ወይም ላፕቶፑ ራሱ ነው። እያንዳንዱ አምራች ለውሳኔው የራሱን መለኪያ ያስቀምጣል፤ አብዛኞቹ መለኪያውን አይናገሩም። አፕል ግን ለድርጅቶች በሚያወጣው መመሪያ የአይፎንን መለኪያ ግልጽ አድርጎታል። አይፎን የያዘው ሲግናል ከ-70 ዲቢኤም በታች እስካልወረደ ድረስ ሌላ ፍለጋ አይገባም። ፍለጋ ከጀመረ በኋላም መረጃ እያስተላለፈ ከሆነ አዲሱ አክሰስ ፖይንት ከያዘው በ8 ዴሲቤል መብለጥ አለበት፤ ሥራ ላይ ካልሆነ ደግሞ በ12። ቁጥሩ ወደ ዜሮ በቀረበ መጠን ሲግናሉ ይጠነክራል፦ -50 በጣም ጥሩ ነው፣ ለድምፅና ለቪዲዮ ጥሪ -67 አካባቢ እንደ ዝቅተኛ ወሰን ይወሰዳል፣ -80 ላይ ግንኙነቱ በጭንቅ ነው።

እነዚህን ቁጥሮች ይዘን በአዲስ አበባ በብዛት ወደሚታይ ዓይነት ሕንፃ እንግባ። መሐሉ ከታች እስከ ላይ ክፍት ነው፤ ኮሪደሮቹ ዙሪያውን ከበውታል፤ ቢሮዎቹ ከኮሪደሩ ወዲያ ናቸው። ገመድ ለመዘርጋት ስለሚቀል የየፎቁ አክሰስ ፖይንት ኮሪደሩ ጠርዝ ላይ፣ ክፍት ቦታውን ፊት ለፊት እያየ፣ አንዱ በሌላው ትይዩ ተሰቅሏል። ሁሉም በሙሉ ኃይላቸው ይሠራሉ። አንዲት ሠራተኛ በአይፎኗ እየተነጋገረች ከሁለተኛ ወደ ሦስተኛ ፎቅ ትወጣለች እንበል። ደረጃው ጫፍ ላይ የሦስተኛው ፎቅ -55 ሆኖ ይደርሳታል፤ የሁለተኛው ደግሞ በክፍቱ በኩል አልፎ -64። አዲሱ በ9 ዴሲቤል ይበልጣል፤ ይሁንና -64 ከ-70 የተሻለ ስለሆነ ስልኳ ገና አልፈለገም። ከዚያ ጥጉ ላይ ወዳለው የስብሰባ ክፍል ትገባለች። ሁለቱም ሲግናሎች ያንኑ ግድግዳ ስለሚያልፉ አብረው ይደክማሉ፦ የሁለተኛው -74፣ የሦስተኛው -68። አሁን ስልኳ ይፈልጋል፤ ግን ልዩነቱ 6 ብቻ ነው፣ የሚፈለገው ደግሞ 8። ስለዚህ አይዛወርም። ጥሪው በ-74 ይቀጥላል፤ ይቆራረጣልም።

እዚህ ላይ ስልኩ ተበላሽቷል ማለት አይቻልም፤ የተሰጠውን ደንብ በትክክል ተከትሏል። የተበላሸው የአክሰስ ፖይንቶቹ አቀማመጥ ነው። የኮንክሪት ሶሌታ በፎቆች መካከል ጥሩ መጋረጃ ነበር፤ እንደ ውፍረቱና እንደ ብረቱ በ5 ጊጋኸርዝ 20 ዴሲቤልና ከዚያም በላይ ሊቀንስ ይችላል። ዕቃውን ክፍቱ ቦታ ላይ የሰቀለ ሰው ይህን መጋረጃ ከጥቅም ውጭ አደረገው።

ሙሉ ኃይል መጠቀሙም ነገሩን ያባብሳል። አክሰስ ፖይንት አብዛኛውን ጊዜ ከስልክ አብልጦ ማሰራጨት ይችላል። ድምፅ ማጉያ የያዘ ሰውና በባዶ ጉሮሮው የሚመልስ ሰው ከሩቅ ሲነጋገሩ አንደኛው ብቻ እንደሚሰማው፣ ስልኩ አክሰስ ፖይንቱን ይሰማል፣ መልሱ ግን ደክሞ ይደርሳል። ምልክቱ ሞልቶ ገጹ የማይከፈተው አንዳንዴ በዚህ ምክንያት ነው። ጉዳቱ ደግሞ ባለቤቱ ላይ አያበቃም። አንድ ቻናል ላይ ያሉ ሁሉ የሚናገሩት በተራ ነው፤ በሰከንድ በ6 ሜጋቢት የሚያስተላልፍ ሩቅ ስልክ በ120 ከሚያስተላልፍ ቅርብ ስልክ ጋር እኩል መረጃ ለመላክ 20 እጥፍ ያህል ጊዜ ይወስዳል። ሁለተኛ ፎቅ ያሉት ሠራተኞች ሦስተኛ ፎቅ ላይ ባለ ስልክ ምክንያት ይጠብቃሉ።

ታዲያ ምን ይደረግ? በእኔ እምነት ተጨማሪ ዕቃ መግዛት የመጨረሻው አማራጭ መሆን አለበት፤ በዚያው ጠርዝ ላይ ሌላ ቢጨመር ተመሳሳይ የሚመስሉ ሲግናሎች ከመብዛት በቀር የሚለወጥ ነገር የለም። መጀመሪያ ያሉትን ከክፍቱ ጠርዝ አንሥቶ ሰው ወደሚሠራባቸው ክፍሎች ማስገባት፣ ፎቅ ከፎቅም በአንድ መስመር እንዳይደራረቡ ማዛነቅ ይገባል። ቀጥሎ ኃይላቸውን መቀነስ። በዚያው የስብሰባ ክፍል የሦስተኛው ፎቅ -57 ቢሆንና የሁለተኛው በሶሌታው ታግዶ ወደ -80 ቢወርድ፣ የ23 ዴሲቤል ልዩነት ማንኛውንም ስልክ ያሳምናል።

ኃይል ሲቀነስ ግን ተቃራኒው ስሕተት ይጠብቃል። ሰው በሚመላለስበት ደረጃ ላይ ሁለቱም ሲግናሎች -80 ከሆኑ ስልኩ አዲሱን ሳይዝ አሮጌውን ያጣል፤ ጥሪውም ይቋረጣል። ስለዚህ መደራረቡ የሚፈለገው በመሸጋገሪያው ላይ ነው፦ በደረጃው መታጠፊያ ላይ አንደኛው ወደ -70 ሲወርድ ሌላው አስቀድሞ -62 አካባቢ መሰማት አለበት። የሊፍቱ ጉዳይ የተለየ ነው፤ የብረት ሳጥኑ ሲግናሉን ስለሚከልል እዚያ ውስጥ ጥሪ ቢቋረጥ አያስገርምም።

ባለሙያዎች የሚያበሯቸው አጋዥ ደንቦችም አሉ። 802.11k ለስልኩ የጎረቤት አክሰስ ፖይንቶችን ዝርዝር ይሰጣል፤ 802.11v ደግሞ ወደ ተሻለው እንዲዛወር ይመክረዋል፤ ስልኩ ግን ምክሩን ሊተወው ይችላል። ሲግናሉ የደከመን ስልክ በግድ የሚያባርር ቅንብርም አለ። እሱን በጥንቃቄ ነው፤ አቀማመጡ ሳይስተካከል ከበራ የተባረረው ስልክ ተመልሶ እዚያው ይገናኛል፣ ሠራተኛውም በየደቂቃው ይቆራረጥበታል።

ችግሩ የእርስዎም መሆኑን ለማወቅ የዊንዶውስ ላፕቶፕ ይበቃል። የተለመደ ቦታዎ ላይ ሆነው የትእዛዝ መስኮቱን ከፍተው ይህን ይጻፉ፦

```
netsh wlan show interfaces
```

BSSID የሚለው መስመር የያዛችሁት አክሰስ ፖይንት ቁጥር ነው። ላፕቶፑን ሳያጠፉ ሌላ ፎቅ ወጥተው ጥቂት ከተቀመጡ በኋላ ድገሙት። ቁጥሩ ካልተለወጠ ዋይፋዩን አጥፍተው አብሩና ለሦስተኛ ጊዜ እዩ። አሁን ከተለወጠ፣ Signal የሚለውም ከፍ ካለ፣ ላፕቶፑ የታችኛውን ይዞ ቀርቶ ነበር። ሦስቱን ውጤቶች ከቦታቸው ጋር ጽፋችሁ ለአይቲ ክፍሉ ስጡ። ዕቃውን የገጠመው ድርጅትም በየፎቁና በደረጃው ላይ የለካውን ሲግናል እንዲያሳይ ጠይቁ፤ ያንን ሳያሳይ ተጨማሪ አክሰስ ፖይንት ግዙ ቢላችሁ አትቀበሉት።