ከአገር ቤት የመጣው የክትባት ካርድ በሎስ አንጀለስ

በፌርፋክስ ጎዳና ዙሪያ የሚኖሩ ወላጆች ልጃቸውን ኪንደርጋርተን ሊያስገቡ ሲሉ ትምህርት ቤቱ መጀመሪያ ከሚጠይቃቸው ነገሮች አንዱ የክትባት ማስረጃ ነው። ከአገር ቤት የመጣው ካርድ ይሠራል፤ ከመርፌው በፊት የሚያስቸግረው ቀኑ ነው። ጥር 12 ቀን 2013 የተወለደች ልጅ ካርዷ ላይ ለመጀመሪያው የኩፍኝ ክትባት «12/2/2014» ተጽፏል እንበል። ጥቅምት 12 ማለት ነው፤ በፈረንጆቹ ኦክቶበር 22 ቀን 2021። እንዳለ እንደ ፈረንጆቹ ቀን ከተመዘገበ ግን ልጅቷ ሳትወለድ ተከትባለች! ስለዚህ ከቀጠሮው በፊት ቀኖቹን ቀይሮ በወረቀት መያዝ ይበጃል።

ቀኑ ከተስተካከለም በኋላ ያ የዘጠኝ ወር መርፌ ካሊፎርኒያ አይቆጠርም። ይህ የአገር ቤቱን ጤና ጣቢያ የሚያስነቅፍ አይደለም። ሕፃን ከእናቱ የወሰደው የመከላከያ አቅም ለጥቂት ወራት አብሮት ይቆያል፤ ክትባቱንም ሊያዳክመው ይችላል። አሜሪካ ኩፍኝ ብዙ ስለማይዘዋወር እስከ አንድ ዓመት መጠበቅ ይቻላል። ኢትዮጵያ ውስጥ በሽታው ቀድሞ ሊደርስ ስለሚችል በዘጠኝ ወር ይሰጥና በ15 ወር ይደገማል። ሁለቱም አሠራር ለየቦታው ትክክል ነው።

የዚህች ልጅ ሁለተኛ መርፌ፣ ሚያዝያ 12 ቀን 2014 የተሰጣት፣ ለኩፍኝ ይቆጠራል። ነገር ግን ጆሮ ደግፍንና የጀርመን ኩፍኝን አልያዘም። ስለዚህ ሐኪሙ ብዙ ጊዜ ሦስቱን ባንድ የሚይዘውን ኤምኤምአር ይሰጣታል፤ የሚደገም ከሆነ ቢያንስ 28 ቀን ቆይቶ ነው። «ለኩፍኝ በዛባት» ለሚል ወላጅ መልሱ አጭር ነው፤ አስቀድሞ የዳበረ መከላከያ ያለው ሰውነት ተጨማሪው መርፌ አይጎዳውም። ከመርፌው በኋላ ከአንድ እስከ ሁለት ሳምንት ባለው ጊዜ ትኩሳት ወይም ቀለል ያለ ሽፍታ ሊታይ ይችላል፤ አብዛኛውን ጊዜ በራሱ ያልፋል። ኦቲዝምን በተመለከተ ዴንማርክ ውስጥ ከ650,000 በላይ ልጆች ላይ ተሠርቶ በፈረንጆቹ 2019 የወጣው ጥናት ከክትባቱ ጋር ግንኙነት አላገኘም።

ፖሊዮም የራሱ ጉዳይ አለው። ከኤፕሪል 2016 ወዲህ በአፍ የሚሰጠው ጠብታ የያዘው ከሦስቱ የፖሊዮ ዓይነቶች ሁለቱን ብቻ ነው፤ አሜሪካ ደግሞ ሦስቱንም ስለምትፈልግ ጠብታው አይቆጠርም። በ14 ሳምንት በመርፌ የተሰጠው ይቆጠራል፣ የጎደለው በመርፌ ይሟላል። በ6፣ በ10 እና በ14 ሳምንት የተሰጡት የፔንታቫለንት መርፌዎችም ለቴታነስ፣ ለትክትክና ለዲፍቴሪያ አይጠፉም። የቱንም ያህል ጊዜ ቢያልፍ ከተቋረጠበት መቀጠል እንጂ እንደገና ከዜሮ መጀመር አያስፈልግም። «ሁሉንም እንደ አዲስ» የሚል ካለ ለምን እንደሆነ መጠየቅ የወላጅ መብት ነው።

ቀጣዩ መርፌ ቀኑ ገና ካልደረሰ ትምህርት ቤቱ ልጅቷን በቅድመ ሁኔታ ሊቀበላት ይችላል። ሜዲካል ላላቸው ወይም ኢንሹራንስ ለሌላቸው ልጆች ደግሞ ክትባቱ ራሱ በፌዴራሉ መርሐ ግብር በነጻ ይቀርባል፤ ቀጠሮ ሲይዙ ክሊኒኩ በዚህ መርሐ ግብር ውስጥ መኖሩን መጠየቅ ነው።