መርፌው ከተወጋ በኋላ የሚቆጠሩ ቀናት

ላሟ ታመመች፣ ተወጋች፣ መብላት ጀመረች። ከዚያ ባለቤቱ የሚጠይቀው አንድ ነገር ብቻ ነው፦ ወተቷን መቼ ልሽጥ? መልሱ የሚጀምረው ግን መርፌው ከመወጋቱ በፊት፣ የላሟን ክብደት በማወቅ ነው።

አብዛኞቻችን ክብደት የምንገምተው በዓይን ነው። አንዲት ክልስ ላም እንውሰድ። ባለቤቷ «300 ኪሎ ብትሆን ነው» ይላል። ሚዛን በሌለበት ግቢ ሜትር ይበቃል። የልብስ ሰፊ ሜትር 150 ሴንቲ ሜትር ላይ ስለሚያልቅ ደረቷን አይዞርም፤ ገመድ አዙሮ ገመዱን መለካት ይሻላል። ላሟ ደልዳላ መሬት ላይ ቀጥ ብላ ትቁም። ገመዱ ልክ ከፊት እግሮቿ ጀርባ ደረቷን ይዙር፤ 175 ሴንቲ ሜትር ሆነ እንበል። ከትከሻዋ ፊት ካለው አጥንት እስከ መቀመጫዋ አጥንት ደግሞ 150። የደረቱን ዙሪያ በራሱ አባዝተን፣ በርዝመቱ አባዝተን፣ ለ10,840 ስናካፍል 424 ኪሎ ግራም ገደማ ይመጣል። ይህ ግምት እንጂ ሚዛን አይደለም፤ ገመዱ በ5 ሴንቲ ሜትር ቢላላ ውጤቱ ከ20 ኪሎ በላይ ይዛባል። የዓይን ግምቱ ግን ከ120 ኪሎ በላይ ስቷል።

የታዘዘላት ረጅም ጊዜ የሚሠራው ባለ 20 በመቶ ኦክሲቴትራሳይክሊን ነው። በአንድ ሚሊ ሊትር ውስጥ 200 ሚሊ ግራም መድኃኒት አለ፤ የሚሰጠው ደግሞ በኪሎ 20 ሚሊ ግራም ነው። ስለዚህ ለ10 ኪሎ አንድ ሚሊ ሊትር፣ ለዚህች ላም 42 ሚሊ ሊትር ማለት ነው። በባለቤቱ ግምት 30 ብቻ ትወጋ ነበር። በኪሎ የሚደርሳት ወደ 14 ሚሊ ግራም ይወርድና ትኩሳቱ ለጊዜው በርዶ ጀርሙ ሊተርፍ ይችላል። የተረፈው ደግሞ መድኃኒቱን የቻለው ነው። ከሳምንት በኋላ እንደገና ትወጋለች፣ የሚደፋው ወተትም እንደገና ይጀምራል። የቆጠብናት 12 ሚሊ ሊትር የስንት ቀን ወተት እንደምታስደፋ አስቡት።

አብዝቶ መስጠትም ሌላ መዘዝ አለው። ጠርሙሱ ላይ ወተትና ሥጋ ሳይሸጥ የሚቆይበት ጊዜ ተጽፏል። ያ ቁጥር የሚሠራው መጠኑ ትክክል ሲሆን፣ የተወጋችውም በተባለው ቦታ ሲሆን ብቻ ነው። መጠኑ ሲበዛ ወይም 42ቱ ሁሉ በአንድ ቦታ ሲከማች፣ መድኃኒቱ ከጡንቻው ቀስ እያለ ስለሚወጣ ከተጻፉት ቀናት አልፎ ሊቆይ ይችላል። በአንድ ቦታ ከስንት ሚሊ ሊትር በላይ እንደማይወጋ ጠርሙሱ ይናገራል። 10 ካለ አምስት ቦታ ላይ መከፋፈል ነው።

አሁን ወደ ቀን ቆጠራው እንምጣ። የያዝነው ጠርሙስ ለወተት 7 ቀን፣ ለሥጋ 28 ቀን ይላል እንበል። ከምርት ምርት ስለሚለያይ፣ አንዳንዱም ለምትታለብ ላም ጨርሶ ስለማይፈቀድ፣ የጎረቤት ቁጥር አይሠራም። ላሟ መጋቢት 1 ተወግታ፣ ሐኪሙ ደግሞ መጋቢት 4 ጠዋት ከታለበች በኋላ ደገማት። ቆጠራው ከመጨረሻው መርፌ ነው። በመካከሉ የታለበውም አይሸጥም፤ ከዚያ በኋላ ደግሞ የመጋቢት 11 ጠዋቱን ጨምሮ 14 እልበት ይደፋል። የመጀመሪያው ንጹሕ ወተት የመጋቢት 11 ማታ ነው። ሥጋው ከሚያዝያ 2 በፊት አይበላም።

ማፍላት አያድንም፤ ሙቀት ጀርምን ይገድላል እንጂ መድኃኒቱን ከወተት አያወጣም። እርጎ ላይ ግን አንዳንዴ ይታወቃል፦ ወተቱን የሚያረጋው ራሱ ባክቴሪያ ስለሆነ፣ መድኃኒት የበዛበት ወተት ሳይረጋ ውሎ ያድራል። ረጋ ማለት ግን ንጹሕ ነው ማለት አይደለም፤ ትንሽ ቅሪት እርጎ አያስቆምም፣ ፔኒሲሊን የማይስማማውን ሰው ግን ሊጎዳ ይችላል። በማኅበር የሚሰበሰብ ወተት ውስጥ ሲገባ ደግሞ የጎረቤቱንም ያበላሻል። ለጥጃ መስጠትም መፍትሔ አይደለም፤ መድኃኒት የለመደ ጀርም ጥጃው ሆድ ውስጥ ያድጋል።

ከሁሉ የሚያሳስበኝ ሥጋው ነው። በሬው ታሞ ሁለት ሦስት ጊዜ ተወግቶ ካልተሻለው፣ «ሳይሞት ይታረድ» ይባልና ለቅርጫ ይከፋፈላል። በዚያ ቀን መድኃኒቱ በብዛት ያለው በተወጋው ጡንቻ፣ በኩላሊትና በጉበት ነው፤ ጉበቱ ደግሞ በጥሬው የሚበላ ነው። ለፋሲካ የሚታረድ በሬ ከታከመም የመጨረሻው መርፌ ከበዓሉ 28 ቀን ቀደም ብሎ መሆን አለበት። በጾም የወተት ገበያ ስለሚቀዘቅዝ፣ መቆየት የሚችል ሕክምና ካለ በዚያ ወቅት ቢሰጥ የሚደፋው ወተት ያነሰ ያስቆጫል። አጣዳፊ በሽታ ግን ጾም አይጠብቅም።

በረቱ በር ላይ አንድ ደብተር ስቀሉ። የከብቱን ስም፣ ክብደቱን፣ የመድኃኒቱን ስም፣ የተሰጠውን ሚሊ ሊትርና ወተቱ የሚሸጥበትን ቀን ጻፉበት። በምትታከመው ላም አንገት ላይም ቀይ ጨርቅ እሰሩ፤ ደብተሩን ያላየ ሌላ ሰው ማታ ሊያልባት ይችላልና።