የግንባታ ቦታ የአፈር ምልከታ

የግንባታ ቦታ የአፈር ምልከታ ማለት የቤት መሠረት ከመቆፈሩ በፊት የቦታውን አፈር በማየት፣ በመንካትና የሙከራ ጉድጓድ በመቆፈር የመሠረቱን ጥልቀትና ስፋት የሚወስኑ ነገሮችን መለየት ነው። ጥልቀቱ የሚወሰነው የማይንቀሳቀስ አፈር በሚገኝበት ደረጃ ሲሆን፣ ስፋቱ ደግሞ ያ አፈር በአንድ ካሬ ሜትር ላይ ሊሸከም በሚችለው ክብደት ይወሰናል። ሁለቱ ጥያቄዎች የተለያዩ ስለሆኑ አንዱን በሌላው መተካት አይቻልም። ይህ ጽሑፍ ጉዳዩን በአዲስ አበባ ምዕራባዊ ክፍል በሚገኘው በኮልፌ ቀራኒዮ ክፍለ ከተማ ዓይነት መሬት ላይ ያብራራል።

## የቦታው መሬት

የአዲስ አበባ መሬት በአብዛኛው ከእሳተ ገሞራ ዐለት የተገኘ ነው። ዐለቱ በዝናብና በሙቀት ለረጅም ዘመን ሲበሰብስ፣ ውሃ በደንብ በሚወርድበት ዳገት ላይ ቀይ አፈር ይሆናል። ውሃ በሚተኛበት ሜዳና ረባዳ ቦታ ደግሞ በተለምዶ ዋልካ ወይም ኮትቻ የሚባለው ጥቁር አፈር ይፈጠራል። ኮልፌ ከወጨጫ ተራራ በስተምሥራቅ የሚገኝ፣ በትንሹ አቃቂ ወንዝና በገባሮቹ የተከፋፈለ ተዳፋት ስለሆነ ሁለቱ የአፈር ዓይነቶች በአጭር ርቀት ውስጥ ሊገናኙ ይችላሉ። በአንድ ግቢ ውስጥ የላይኛው ማዕዘን ቀይ፣ የታችኛው ጥቁር አፈር ሊሆን ይችላል። ስለዚህ «የጎረቤቴ መሠረት አንድ ሜትር ነው፣ የእኔም እንደዚያው ይሁን» ማለት አስተማማኝ አይደለም።

ጥቁር አፈር ለቤት አስቸጋሪ የሚሆነው ውስጡ ያለው ሸክላ ውሃ ሲያገኝ ስለሚያብጥ፣ ሲደርቅ ደግሞ ስለሚኮማተር ነው። በክረምት ቤቱን ወደ ላይ ይገፋል፣ በበጋ ይለቀዋል። እንቅስቃሴው በቤቱ ሥር ሁሉ እኩል ስላልሆነ ግድግዳው ይሰነጠቃል።

## ከመቆፈር በፊት የሚታዩ ምልክቶች

የመጀመሪያው ምልክት የመሬቱ ገጽ ነው። በጥርና በየካቲት ጥቁር አፈር ሰፋፊ ስንጥቅ ያወጣል። ቀጥ ያለ ሽቦ በስንጥቁ ውስጥ በማስገባት ጥልቀቱን በግምት መለካት ይቻላል። የእርጥበት ለውጥ ግን ሽቦው ከደረሰበት በታችም ይዘልቃል። ስለዚህ የስንጥቁ ጥልቀት የመሠረቱ ትንሹ ገደብ እንጂ በቂ ጥልቀት አይደለም።

ሁለተኛው ምልክት የጎረቤት ቤቶች ናቸው። ከበርና ከመስኮት ማዕዘን ተነስቶ አግድም ሳይሆን በሰያፍ የሚሄድ ስንጥቅ የመሠረት እንቅስቃሴ ያመለክታል። ስንጥቁ በክረምት ጠቦ በበጋ የሚሰፋ ከሆነ፣ ወይም የተገላቢጦሽ ከሆነ፣ ምክንያቱ የሚያብጥ አፈር መሆኑ ያመዝናል። ከዓመት ዓመት ሳይመለስ የሚሰፋ ከሆነ ግን አፈሩ ከክብደቱ በታች እየሰመጠ ሊሆን ይችላል። ትልልቅ ባሕር ዛፎችም መታየት አለባቸው፤ ሥራቸው ከአፈሩ ብዙ ውሃ ስለሚስብ ጥቁር አፈርን ይበልጥ ያኮማትራል። ዛፉ ሲቆረጥ ደግሞ ደርቆ የነበረው አፈር እርጥበት መልሶ ሲያገኝ ያብጣል።

ሦስተኛው ሙሌት ነው። ጉድባና የወንዝ ዳር በፍርስራሽና በቆሻሻ ተሞልቶ ሜዳ መስሎ ሊታይ ይችላል። በአፈሩ ውስጥ ፌስታል፣ ቆርኪ፣ የጨርቅ ቁራጭ ወይም የጡብ ስብርባሪ ከተገኘ፣ ያ ንብርብር በሰው እጅ የተሞላ ነው። በውስጡ ያለው ነገር ሲበሰብስ ቦታው ይሰምጣል፤ ተዳፋት ላይ ከሆነም ሊንሸራተት ይችላል። በዚሁ ክፍለ ከተማ በረጲ የሚገኘው «ቆሼ» የቆሻሻ ክምር መጋቢት 2 ቀን 2009 ዓ.ም. ተንዶ ከ110 በላይ ሰዎች ሕይወታቸውን አጥተዋል። ያ አደጋ የክምር መናድ እንጂ የመሠረት ጉድለት አልነበረም፤ ነገር ግን የተከመረ ነገር እንደ ተፈጥሮ መሬት ሊታመን እንደማይችል ያሳያል። መሠረት በሙሌት ላይ አያርፍም፤ ሙሌቱን አልፎ መውረድ አለበት።

## የሙከራ ጉድጓድ

የሙከራ ጉድጓድ አንድ ሰው በዶማና በአካፋ ሊሠራበት የሚችል፣ ስፋቱ አንድ ሜትር በአንድ ሜትር ተኩል የሆነ ጉድጓድ ነው። ተዳፋት ቦታ ላይ ቢያንስ ሦስት፣ ማለትም ከላይ፣ ከመካከልና ከታች ይቆፈራል። የቤቱ ክብደት ከመሠረቱ በታች እስከ ስፋቱ አንድ ተኩል እጥፍ ያህል ጎልቶ ስለሚሰማ ምርመራው እስከዚያ መድረስ አለበት። ከአንድ ሜትር ተኩል በላይ የጠለቀ ጉድጓድ ግን ግድግዳው በድንገት ሊናድ ስለሚችል፣ በእንጨት ሳይደገፍ ሰው አይገባበትም። የቀረው ጥልቀት ከጉድጓዱ ግርጌ በእጅ ኦገር ይመረመራል።

በጉድጓዱ ግድግዳ ላይ ቀለሙ የሚለወጥበት ቦታ ሁሉ በሜትር ይመዘገባል። ጥቁር አፈር ውስጥ ተወልውለው እንደተጠረጉ የሚያበሩ ሰያፍ ገጾች ከታዩ፣ አፈሩ ሲያብጥና ሲኮማተር እርስ በርሱ መፋተጉን ያሳያሉ። ጉድጓዱ ተሸፍኖ ካደረ በኋላ ውሃ ካጠራቀመ፣ የውሃው ደረጃም ይለካል።

የአፈሩ ጥንካሬ በአውራ ጣት ይፈተሻል። ጣት በቀላሉ ጠልቆ ከገባ አፈሩ ለስላሳ ነው። በመጠነኛ ኃይል ከገባ መካከለኛ ነው። ጣት ገጹን ብቻ አጎድጉዶ ጥፍር በቀላሉ ከጫረው ጠንካራ ነው። ለመጀመሪያ ግምት ለስላሳ ሸክላ በካሬ ሜትር ከ7.5 ቶን በታች፣ መካከለኛው ከ7.5 እስከ 15 ቶን፣ ጠንካራው ከ15 ቶን በላይ ይሸከማል ተብሎ ይወሰዳል።

ይህ ፍተሻ ሁለት ወጥመዶች አሉት። አንደኛ፣ ደረቅ ጥቁር አፈር በበጋ እንደ ድንጋይ ስለሚጠነክር ጥፍር አይጭረውም፤ ያው አፈር በነሐሴ ጣት ያስገባል። ስለዚህ ጥቁር አፈር በበጋ ጥንካሬው አይመዘንም። ሁለተኛ፣ ቀይ አፈር ውስጥ ሳይበሰብሱ የቀሩ ክብ ቋጥኞች ይገኛሉ። ዲጅኖ ሲነጥር «ዐለት ደረስን» ማለት ስህተት ሊሆን ይችላል፤ ከአንድ ክንድ ርቀት በኋላ ሌላ ቦታ ሲመታ ለስላሳ ሊሆን ይችላል። አንዱ የመሠረት ጫፍ በቋጥኝ፣ ሌላው በአፈር ላይ ካረፈ አፈሩ በኩል ያለው ብቻ ይሰምጣል።

## የማበጥ ፍተሻ

አፈሩ የሚያብጥ መሆኑ ካጠራጠረ በቀላል ዕቃ መፈተሽ ይቻላል። ከሚመረመረው ንብርብር የተወሰደ አፈር ደርቆ ይደቅና 0.425 ሚሊ ሜትር ቀዳዳ ባለው ወንፊት ይነፋል። 10 ሚሊ ሊትር የሚሆነው ሳይጠቀጠቅ ተለክቶ 100 ሚሊ ሊትር በሚይዝ ባለ ምልክት የመስታወት ሲሊንደር ውስጥ ወዳለ ውሃ ቀስ በቀስ ይፈስሳል። ከ24 ሰዓት በኋላ የዘቀጠው አፈር መጠን ይነበባል። 10 የነበረው 20 ከሆነ ጭማሪው 100 በመቶ ነው። ሆልትዝና ጊብስ የተባሉ መሐንዲሶች በ1956 እ.ኤ.አ. ባወጡት ሥራ መሠረት፣ 100 በመቶና ከዚያ በላይ ያበጠ አፈር ቀላል ቤቶችን ክፉኛ ሊጎዳ ይችላል፤ ከ50 በመቶ በታች የሆነው ግን ከስንት አንዴ ነው ችግር የሚያመጣው።

## የስሌት ምሳሌ

ወደ ወንዝ የሚያዘነብል 150 ካሬ ሜትር ቦታ ላይ ባለ አንድ ፎቅ ቤት ሊሠራ ታስቧል እንበል። አንዱ ምሰሶ የመሠረቱን ክብደት ጨምሮ 25 ቶን ወደ አፈሩ ያወርዳል።

የላይኛው ጉድጓድ 30 ሳንቲ ሜትር ሥራ ሥር የበዛበት አፈር ካሳየ በኋላ ጠንካራ ቀይ አፈር ሆኖ ቀጥሏል። የታችኛው 80 ሳንቲ ሜትር ሙሌት፣ ከዚያ እስከ 1.8 ሜትር ጥቁር አፈር፣ ከዚያ በታች ጣት በመጠነኛ ኃይል የሚገባበት ግራጫማ ቢጫ ሸክላ አሳይቷል። ሸክላው በማበጥ ፍተሻ 35 በመቶ ብቻ ጨምሯል፤ በኦገርም እስከ 4.5 ሜትር አልተለወጠም።

በላይኛው በኩል 15 ቶን ቢወሰድ፣ 25 ሲካፈል ለ15 ወደ 1.67 ካሬ ሜትር ይሆናል። ስለዚህ 1.3 ሜትር በ1.3 ሜትር የሆነ ፉቲንግ ይበቃል፤ ጥልቀቱም 1.2 ሜትር ሊሆን ይችላል። በታችኛው በኩል 10 ቶን ቢወሰድ 2.5 ካሬ ሜትር፣ ማለትም 1.6 ሜትር በ1.6 ሜትር ያስፈልጋል። ጥልቀቱ ጥቁሩን አፈር አልፎ ወደ ሸክላው 20 ሳንቲ ሜትር ገብቶ 2 ሜትር ይሆናል።

ብዙ ጊዜ የሚሠራው ስህተት ወጪ ለመቀነስ ታችኛውን ፉቲንግ በ1.2 ሜትር ላይ፣ በጥቁሩ አፈር ውስጥ ትቶ ስፋቱን መጨመር ነው። ስፋት ለሚሰምጥ አፈር መድኃኒት ነው፤ ለሚያብጥ አፈር ግን ችግሩን ያባብሳል። ፉቲንጉ ሲሰፋ በእያንዳንዱ ካሬ ሜትር ላይ የሚያርፈው ክብደት ይቀንሳል፣ አፈሩም ቤቱን ለመግፋት ይበልጥ ይቀለዋል። ቀላል ቤቶች በጥቁር አፈር ከከባድ ሕንፃዎች ይበልጥ የሚጎዱትም በዚሁ ምክንያት ነው።

ፉቲንጉ ወርዶም ቢሆን ግሬድ ቢሙና የምድር ቤቱ ወለል በጥቁሩ አፈር ላይ በቀጥታ ካረፉ አፈሩ እነሱን ያነሳል። ከቢሙ ሥር ባዶ ቦታ ይተዋል፤ ከወለሉ ሥር ያለው ሙሌትና ጥቁር አፈር ደግሞ ወጥቶ በየንብርብሩ በሚጠቀጠቅ ሰሌክት ማቴሪያል ይተካል። የጣሪያ ውሃም በአሸንዳ ከመሠረቱ ይርቃል።

## የምልከታው ገደብ

የአውራ ጣት ፍተሻ ለሸክላ እንጂ ለአሸዋና ለጠጠር አያገለግልም። የሚያሳየውም ጉድጓዱ የተቆፈረበትን ነጥብ ብቻ ነው። ውሃ በጉድጓዱ ውስጥ ከተጠራቀመ፣ የሙሌቱ መጨረሻ ካልተገኘ፣ ተዳፋቱ ላይ የቆየ የመንሸራተት ምልክት ካለ ወይም ከላይ ከተሰላው የከበደ ሕንፃ ከታሰበ፣ በማሽን ቁፋሮና በቤተ ሙከራ የሚደረግ የአፈር ምርመራ ያስፈልጋል። በዚያ ጊዜም የምልከታው መዝገብ ቁፋሮው የት የት መደረግ እንዳለበት ያመለክታል።