ጉበት ውስጥ የተኛው ወባ

ከመቱ እስከ በደሌ፣ ከጎሬ እስከ ቡሬ "ወባዬ አገረሸብኝ" የሚል ሰው ማግኘት ከባድ አይደለም። በኦሮምኛ ቡሳ የሚባለው ይኸው በሽታ በጥቅምት ያዘው፤ መድኃኒት ወሰደና ዳነ። በታኅሣሥ ቡና ለቀማ ላይ ሳለ ደግሞ እንደገና ጣለው። ዝናብ ስለመታኝ ነው ይላል፤ ሥራ ስለበዛብኝ ነው ይላል፤ ወይም ዳግመኛ በትንኝ መነከሱን ይጠረጥራል። ዳግመኛ ተነክሶ ሊሆን ይችላል። ብዙ ጊዜ ግን የታኅሣሡ ወባ የመጣው ከውጭ ሳይሆን ከራሱ ጉበት ነው።

ነገሩን ለመረዳት አንድ ወጣት እናስብ። መቱ የሚኖር የጭነት መኪና ረዳት ነው። ጥቅምት 5 ቀን ከሾፌሩ ጋር ጎሬንና ቡሬን አልፎ ወደ ጋምቤላ ይወርዳል። መቱ 1,600 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ስትሆን ጋምቤላ 500 ሜትር ገደማ ላይ ናት። ሌሊቱን ያለ አጎበር ያድራል፤ አንዲት ሴት አኖፊለስ ትንኝም ትነክሰዋለች። ወንዱ ትንኝ ደም አይመጥም፤ ደም የምትፈልገው ዕንቁላሏን ለማሳደግ ሴቷ ናት። ደሙ እንዳይረጋባት መጀመሪያ ምራቋን ቆዳው ውስጥ ታፈሳለች። ወባው የሚገባው በዚያ ምራቅ ነው።

ከምራቁ ጋር የሚገቡት ተሕዋስያን ብዙ አይደሉም፤ አብዛኛውን ጊዜ መቶ እንኳ አይሞሉም። ቅርጻቸው እንደ ቀጭን መርፌ ነው፤ ስማቸውም ስፖሮዞይት ይባላል። ቆዳ ውስጥ እየተሳቡ የደም ሥር ይፈልጋሉ፤ ካገኙ በኋላ ደሙ ወደ ጉበት ያደርሳቸዋል። ረዳቱ ጠዋት ተነሥቶ ሻይ ሲጠጣ ደሙ ውስጥ አንድም አይገኝም። መንገድ ላይ ያልቀሩት ሁሉ ጉበቱ ውስጥ ገብተዋል። ያን ቀን ደሙን ቢመረመር ውጤቱ "ወባ የለም" ይሆናል።

የሳይንስ ሰዎችም በዚህ መደበቂያ ለረጅም ጊዜ ተቸግረዋል። ፈረንሳዊው ሐኪም ላቨራን ተሕዋሱን በሰው ደም ውስጥ ያየው በፈረንጆቹ 1880 አልጄሪያ ውስጥ ነበር። ሮናልድ ሮስ ደግሞ በ1897 ሕንድ ውስጥ በትንኝ ሆድ ዕቃ ላይ አገኘው። በትንኝ ንክሻና በመጀመሪያው ትኩሳት መካከል ባሉት ቀናት የት እንደሚቆይ ግን አልታወቀም ነበር። ሾርትና ጋርናም የተባሉ ሁለት እንግሊዛውያን ተመራማሪዎች ጉበት ውስጥ መሆኑን ያሳዩት በ1948 ነው። ከሮስ ግኝት በኋላ ግማሽ ምዕተ ዓመት አለፈ ማለት ነው።

አገራችን ውስጥ በብዛት ያሉት የወባ ዓይነቶች ሁለት ናቸው፤ ፋልሲፓረምና ቫይቫክስ። በጤና ጣቢያ ካርድ ላይ በአጭሩ ፒኤፍ እና ፒቪ ተብለው ይጻፋሉ። ለሕይወት ይበልጥ አደገኛው ፋልሲፓረም ነው። የያዛቸው ቀይ የደም ሕዋሶች በቀጫጭን የደም ሥሮች ግድግዳ ላይ እየተጣበቁ የአንጎልን የደም ዝውውር ሊዘጉ ይችላሉ። ጉበት ውስጥ ግን ተኝቶ አይቀርም፤ በሳምንት ገደማ ውስጥ ጠቅልሎ ወደ ደም ይወጣል። ቫይቫክስ ከዚህ ይለያል፤ የረዳታችንም ወባ ቫይቫክስ ነው እንበል።

ሃያ ስፖሮዞይት ጉበቱ ገብተው አሥሩ ወዲያውኑ ሥራ ጀመሩ እንበል። እያንዳንዱ አንድ የጉበት ሕዋስ ይይዛል፤ እዚያም በስምንት ቀን ገደማ ውስጥ ራሱን ወደ 10,000 ያህል ያባዛል። በዚህ ጊዜ ሁሉ ሰውየው ምንም አይሰማውም። ጉበቱን አያመውም፤ ምግብም አይዘጋበትም። ጥቅምት 13 የተወጠሩት ሕዋሶች ሲፈነዱ 100,000 ተሕዋስ ወደ ደሙ ይፈስሳል።

መቶ ሺህ ብዙ ይመስላል። ይሁን እንጂ የአንድ ጎልማሳ ደም አምስት ሊትር ገደማ ነው፤ በማይክሮስኮፕ የምትታየው ደግሞ አንዲት ጠብታ ናት። ተሕዋሱ ቀይ የደም ሕዋስ ውስጥ ይገባል፤ ቫይቫክስ በተለይ ገና የተወለዱትን ወጣት ሕዋሶች ይመርጣል። እየበላቸው ያድጋል፤ በ48 ሰዓት ውስጥ ተከፋፍሎ አፈንድቷቸው ይወጣል፤ የወጡትም ሌሎች ሕዋሶችን ይይዛሉ። በየሁለት ቀኑ አሥር እጥፍ ይጨምራል ብለን እናስላ። ጥቅምት 15 አንድ ሚሊዮን፣ ጥቅምት 17 አሥር ሚሊዮን፣ ጥቅምት 19 መቶ ሚሊዮን፣ ጥቅምት 21 አንድ ቢሊዮን ይደርሳል። አንድ ቢሊዮን ማለት በአንድ ማይክሮሊትር ደም ውስጥ ሁለት መቶ ያህል ነው፤ ይህን የላቦራቶሪ ባለሙያ ሳይቸገር ያየዋል። በጥቅምት 15 ግን በአምስት ማይክሮሊትር ውስጥ አንድ ብቻ ስለሆነ ሊያመልጠው ይችላል። ምርመራ ነጻ ብሎት ትኩሳቱ ያልለቀቀው ሰው በማግስቱ ተመልሶ እንዲመረመር የሚነገረው ለዚህ ነው።

ብርዱና ትኩሳቱ የሚመጡት ሕዋሶቹ በአንድነት ሲፈነዱ ነው። በመጀመሪያዎቹ ቀናት ትኩሳቱ ሥርዓት የለውም፤ እየዋለ ሲያድር ግን ተሕዋስያኑ እኩል ይራመዱና አንድ ቀን ይዞ አንድ ቀን የሚለቅ ይሆናል። አያቶቻችን ንዳድ ያሉትን በሽታ በዚህ ልማዱ ያውቁት ነበር።

ረዳቱ መቱ ጤና ጣቢያ ሄዶ ተመረመረ፤ ካርዱ ላይ ፒቪ ተጻፈ። የተሰጠው መድኃኒት ሁለት ዓይነት ነው፤ ለሦስት ቀን ክሎሮኩይን፣ ለ14 ቀን ደግሞ ፕሪማኩይን። የዚህ ጽሑፍ ዋና ነገር በእነዚህ ሁለቱ መካከል ያለው ልዩነት ነው። ክሎሮኩይን የሚገድለው ደም ውስጥ ያለውን ወባ ነው። ትኩሳቱን የሚያበርደው እሱ ስለሆነ ሰውየው በአራተኛው ቀን ድኛለሁ ይላል። በዚያ ሰዓት ግን ጉበቱ ውስጥ የቀሩት አሥሩ አልተነኩም። አልተባዙም፣ አላደጉም፤ ተኝተዋል። በፈረንጆቹ 1980 ገደማ በማይክሮስኮፕ ተለይተው የታወቁት እነዚህ የተኙ ተሕዋስያን ናቸው። ክሎሮኩይን አያገኛቸውም፤ የደም ምርመራም አያሳያቸውም። ፕሪማኩይን የታዘዘው ለእነሱ ነው።

ረዳቱ ፕሪማኩይኑን አራት ቀን ወስዶ ተወው። ሥራ ጀምሯል፤ ኪኒኑም ባዶ ሆድ ላይ ሲወስደው ሆዱን አሞታል። የቀረውን ፍሬ በወረቀት ጠቅልሎ ለሌላ ጊዜ አስቀመጠው። ክሎሮኩይን ከደም ቶሎ አይጠፋም፤ ስለዚህ በኅዳር ከጉበት የሚነሣ ቢኖር እንኳ ወጥቶ ይሞታል። በታኅሣሥ መድኃኒቱ ሲሟጠጥ ከተኙት አንዱ ይነቃል፤ በጉበት ሕዋስ ውስጥ ይባዛል፤ ደም ውስጥ ይገባል። ጋምቤላን ዳግመኛ ሳያይ፣ ትንኝም ሳትነካው፣ ወባው ተመለሰ። ሌላው ከሳምንታት ወይም ከወራት በኋላ ሊነቃ ይችላል።

በዚህ ጊዜ ወጣቱ ራሱ ብቻ አይደለም የሚታመመው። ደሙ ውስጥ ካሉት ተሕዋስያን ጥቂቶቹ መከፋፈል ትተው ወንድና ሴት ይሆናሉ። ፋልሲፓረም እነዚህን ለማብሰል አሥር ቀን ያህል ሲፈልግ ቫይቫክስ ግን ቶሎ ያወጣቸዋል፤ ብዙ ጊዜ ሰውየው ሕክምና ሳይሄድ በፊት ደሙ ውስጥ አሉ። መቱ ውስጥ አንዲት ትንኝ ስትነክሰው ሌላው ተሕዋስ ሁሉ ሆዷ ውስጥ ተፈጭቶ ይጠፋል። ወንድና ሴቶቹ ግን ከሰው ገላ ወደ ቀዘቀዘው የትንኝ ሆድ መግባታቸውን ያውቃሉ። በሩብ ሰዓት ውስጥ ወንዱ ስምንት ጅራታም ዘሮች ይረጫል፤ ከሴቷ ጋር ይዋሐዳሉ። በማግስቱ ጽንሱ የሆድ ዕቃዋን ግድግዳ በስቶ በውጭ በኩል ይለጠፋል፤ እዚያም እንደ ከረጢት እያበጠ ውስጡ በሺዎች የሚቆጠሩ ስፖሮዞይቶች ይፈጠራሉ። ከረጢቱ ሲፈነዳ ወደ ምራቅ ዕጢዋ ይሄዳሉ።

ይህ ምን ያህል ቀን ይፈጃል? ትንኝ የራሷ ሙቀት ስለሌላት የሚወስነው የአካባቢው አየር ነው። ባለሙያዎች ለቫይቫክስ የሚጠቀሙበት ስሌት ቀላል ነው፤ ከአማካዩ ሙቀት ላይ 14.5 ይቀንሱና 105ን ለቀሪው ያካፍላሉ። እንደ ጋምቤላ ባለ ቆላ 28 ዲግሪ ቢሆን ስምንት ቀን ይወጣል። በደጋው አቅጣጫ 20 ዲግሪ ቢሆን ግን 19 ቀን ይሆናል። ከትንኞች በየቀኑ ከአሥር አንዷ ትሞታለች ብንል፣ በቆላው ከመቶ 43ቱ ወባውን ለማስተላለፍ ይደርሳሉ፤ በ20 ዲግሪ ግን 13 ወይም 14 ብቻ። መቱ ከጋምቤላ የምትሻለው ትንኝ ስለሌላት ሳይሆን ትንኟ ወባው ሳይበስልላት ስለምትሞት ነው። እሳት በሚነድበት ቤት ውስጥ 24 ዲግሪ ካገኘች ግን 11 ቀን ይበቃታል።

ስለዚህ ከፍታ አስተማማኝ ጋሻ አይደለም። በፈረንጆቹ 1958 ከ1,600 እስከ 2,150 ሜትር ባሉ የአገራችን ደጋማ ቦታዎች ላይ የተነሣው ወረርሽኝ ሦስት ሚሊዮን ገደማ ሰው አሳምሞ 150,000 ያህል እንደገደለ ይገመታል። በ2024 እንኳ ከጥር እስከ ጥቅምት አጋማሽ ብቻ በኢትዮጵያ ከ7 ሚሊዮን በላይ የወባ ሕመም ተመዝግቧል።

አጎበር ትንኟን ይከላከላል፤ የቤት ርጭትም ግድግዳ ላይ ስታርፍ ይገድላታል። ጉበት ውስጥ ለተኛው ግን ሁለቱም አይደርሱም። ፕሪማኩይን ደግሞ ለሁሉም ሰው የሚሰጥ አይደለም። ለነፍሰ ጡር ሴትና ለጨቅላ ሕፃን አይታዘዝም። ጂ6ፒዲ የሚባል ኢንዛይም በተፈጥሮ የሚያንሳቸው ሰዎች ሲወስዱት ቀይ የደም ሕዋሳቸው ሊፈርስ ይችላል። ሽንቱ እንደ ጥቁር ሻይ የጠቆረበት፣ ዓይኑ ቢጫ የሆነበት ወይም እጅግ የደከመው ሰው መድኃኒቱን አቁሞ በዚያው ቀን ወደ ጤና ተቋም መሄድ አለበት። ከጎረቤት ተበድሮ መዋጥም አይገባም።

ካርዳችሁ ላይ ፒቪ ተጽፎ ከሆነ "የጉበቱስ መድኃኒት?" ብላችሁ ጠይቁ። ታዞላችሁ ከሆነ ምግብ ከበላችሁ በኋላ እየወሰዳችሁ ትኩሳቱ ቢለቃችሁም እስከ 14ኛው ቀን አታቋርጡ። በወረቀት ጠቅልላችሁ ያስቀመጣችሁት ካለም ለሌላ ጊዜ አታቆዩት፤ ይዛችሁ ጤና ጣቢያ ሂዱና ከስንተኛው ቀን እንዳቋረጣችሁ ንገሯቸው።