የራዲያተሩ አናት ሲቀዘቅዝ

ኦክቶበር ሲገባ በጀርመን ከተሞች ምድር ቤት ያለው ቦይለር ይነሣል፤ ከወራት ዝምታ በኋላ ቧንቧዎቹ መንኳኳት ይጀምራሉ። ብዙም ሳይቆይ የነዋሪዎች ቅሬታ ይከተላል። አንደኛ ፎቅ ያሉት ሙቀቱ በዝቶባቸው መስኮት ሲከፍቱ፣ አራተኛ ፎቅ ያሉት ጋቢ ደርበው ሶፋ ላይ ይኮራመታሉ። ብዙ ሐበሻ በሚኖርበት ፍራንክፈርት ይህ ሰሞን አዲስ መጪው ነባሩን ስለ «ሃይዙንግ» የሚጠይቅበት ነው፤ አገር ቤት ራዲያተር ሲባል ወደ አእምሮ የሚመጣው የመኪናው ነዋ።

ክፍሉ አልሞቅ ሲል ሁሉም ሰው መጀመሪያ የሚያደርገው ቴርሞስታቱን እስከ 5 ማዞር ነው። ምንም አይፈይድም። በቴርሞስታቱ ላይ ያለው ቁጥር የክፍሉን ሙቀት እንጂ የውሃውን ሙቀት አያዝም፤ 3 ላይ ከሆነ ክፍሉ ወደ 20 ዲግሪ ገደማ ሲደርስ ቫልቩን ይዘጋዋል። ክፍሉ 16 ዲግሪ ላይ ቆሞ ከሆነ 3 ላይም ሆነ 5 ላይ ቫልቩ ክፍት ነው። ውሃው መንገዱ ተከፍቶለት ካልገባ የሚያግደው ሌላ ነገር አለ ማለት ነው።

ያንን ሌላ ነገር ለማወቅ እጅ ይበቃል። ማሞቂያው ሥራ ላይ እያለ ራዲያተሩን ከታች ወደ ላይ፣ ከቫልቩ ወገን ወደ ሌላኛው ጫፍ መዳሰስ ነው። ታቹ ሞቆ አናቱ ከቀዘቀዘ፣ በተለይም ከቫልቩ ርቆ ያለው የላይኛው ጥግ በረዶ ከሆነ፣ አየር ይዟል። ውስጡ እንደሚፈስ ጅረት የሚንዶቀዶቅ ድምፅ ከተሰማ ጥርጣሬው ይጠናከራል። ተገላቢጦሹ ግን ሌላ በሽታ ነው፤ አናቱ ሞቆ የታችኛው መሐል ከቀዘቀዘ ታች የተኛው የዝገት አተላ ነው፣ አየር በማውጣት አይድንም፣ መታጠብ አለበት። ራዲያተሩ ከእነ አካቴው ቀዝቃዛ ሆኖ የጎረቤቱ ክፍል የሚሞቅ ከሆነ ደግሞ በጋውን ሙሉ ተዘግቶ የከረመው ቫልቭ ውስጥ ያለችው ትንሽ ዘንግ ተጣብቃ ይሆናል። የቴርሞስታቱ ራስ ሲነቀል ዘንጓ ትታያለች፤ ስትጫን ገብታ በራሷ መመለስ አለባት። ካልተመለሰች በጠንካራ ነገር ቀስ እያሉ መነካካት እንጂ በፒንሳ መጎተት አይገባም፤ ከወጣች ውሃው ተከትሏት ሳሎኑን ያጥለቀልቃል።

ከእነዚህ ሁሉ የተለመደውም ቀላሉም አየሩ ነው። ግን በብረት ተዘግቶ የሚዞር ውሃ ውስጥ አየር ከየት መጣ?

ከውሃው ራሱ ነው። ከቧንቧ የሚቀዳ ቀዝቃዛ ውሃ የሟሟ አየር ይዞ ይመጣል። ድስት ምድጃ ላይ ሲጣድ ውሃው ሊፈላ ገና ብዙ ሲቀረው ግድግዳው ላይ የሚለጠፉት ጥቃቅን አረፋዎች እሱው ናቸው፤ ውሃ ሲሞቅና ግፊቱ ሲቀንስ የያዘውን አየር መሸከም ያቅተዋል። በሕንጻ ውስጥ ደግሞ ግፊቱ ከሁሉ የሚያንሰው ላይኛው ፎቅ ላይ ነው። ስለዚህ አረፋው እዚያ ይለቀቃል፣ ከታች የመጣውም ወደ ላይ ይሸሻል፣ ራዲያተሩ አናት ላይ ይሰበሰባል። ሙቁ ውሃ ከዚያ አየር በታች ብቻ እያለፈ ስለሚመለስ የብረቱ ግማሽ ያለ ሥራ ይቀመጣል። መንገድ ላይ «አየር ያዘው» ተብሎ የቆመ የናፍጣ መኪና ያየ ሰው ነገሩን በቀላሉ ይረዳዋል።

አየሩ ግን አየር ሆኖ አይቆይም። ውስጡ ያለውን ኦክስጅን ብረቱ ለዝገት ይጠቀምበታል፤ የሚተርፈው በአብዛኛው ናይትሮጅን ነው፣ በዚያ ላይ የብረቱና የውሃው ኬሚካዊ ሥራ የሚያመነጨው ጥቂት ሃይድሮጅን ይጨመርበታል። ራዲያተር ሲተነፍስ ሻማ ወይም የተለኮሰ ሲጋራ አጠገቡ አይያዝም የሚባለው ለዚህ ነው። የሚወጣው ውሃ ጥቁርና የሚሸት መሆኑም ከዚሁ ዝገት የመጣ ነው፤ ነጭ ምንጣፍ ላይ ከፈሰሰ አይለቅም።

አየሩን ለማስወጣት የሚያስፈልገው መሣሪያ ከማንኛውም የቤት ዕቃ መደብር በትንሽ ገንዘብ ይገኛል። በጀርመን ራዲያተሮች ላይ የተለመደው ቁልፍ ጫፉ አራት ማዕዘን ጉድጓድ ያለው ነው፣ ስፋቱ 5 ሚሊሜትር። አዳዲሶቹ ላይ ጠፍጣፋ ካቻቢቴ የሚገባበት ስንጥቅም አለ። ማስተንፈሻው ብሎን የሚገኘው ራዲያተሩ አናት ላይ፣ አብዛኛውን ጊዜ ከቫልቩ በተቃራኒው ጫፍ ነው። ከዚህ ሌላ አንድ ኩባያና አንድ አሮጌ ጨርቅ ቢኖር በቂ ነው።

ሥራው ከመጀመሩ በፊት ቴርሞስታቶቹ ሁሉ እስከ መጨረሻ ይከፈታሉ፣ ከዚያ ውሃውን የሚያዞረው ፓምፕ ይጠፋል። ብዙ ሰው የሚዘለው ይህን ነው። ፓምፑ እየሠራ ከሆነ አረፋው ከውሃው ጋር ይዞራል እንጂ አንድ ቦታ አይቀመጥም፤ ግማሽ ሰዓት፣ ቢቻል አንድ ሰዓት ቢታገሡት ወደ ላይ ወጥቶ ይሰበሰባል። ውሃውም በዚያው በረድ ስለሚል እጅ አያቃጥልም። ቅደም ተከተሉ ከታችኛው ፎቅ ተነሥቶ ላይኛው ላይ መጨረስ ነው።

ብሎኑ ወደ ግራ ሩብ ዙር፣ ቢበዛ ግማሽ ዙር ይዞራል። እስስስ የሚል ድምፅ ይሰማል። ያኔ ቁልፉን የበለጠ ማዞር ያጓጓል፤ አያስፈልግም፣ አየሩ በጠባቧ ቀዳዳም ይወጣል፣ ብሎኑ ተነቅሎ ከወጣ ግን በግፊት የሚፈነጥቀውን ውሃ ተሻምቶ መልሶ ማስገባት ጭንቅ ነው። ቀጥሎ ውሃው እየተፈናጠቀና እየተቆራረጠ ይመጣል፣ በመጨረሻ ቀጭን ያልተቋረጠ ክር ሆኖ ይፈሳል። ያን ጊዜ ይዘጋል። እስኪያቅት ማጥበቅም አያሻም፤ ለስላሳው ብረት ከተበላ በሚቀጥለው ዓመት ቁልፉ አይዘውም።

አንዳንዴ ግን ብሎኑ ተከፍቶ ድምፅም አየርም ውሃም የማይመጣበት ጊዜ አለ። እዚህ ላይ ነው ብዙ ሰው የሚሳሳተው።

ለምሳሌ አንድ ባለ አራት ፎቅ ሕንጻ እንውሰድ። ቦይለሩና የግፊት መለኪያው ምድር ቤት ናቸው፤ ከሁሉ ከፍ ብሎ ያለው ራዲያተር አናት ከመለኪያው 12 ሜትር ይርቃል። 10 ሜትር ከፍታ ያለው ውሃ በክብደቱ ወደ 1 ባር ግፊት ይፈጥራል፣ ስለዚህ ውሃው እስከዚያ ራዲያተር ለመድረስ ብቻ 1.2 ባር ይፈልጋል። መለኪያው የሚያሳየው ደግሞ 1 ባር ነው። ይህ ማለት አናት ላይ ያለው ግፊት ከክፍሉ አየር በ0.2 ባር ያንሳል። አራተኛ ፎቅ ያለችው ተከራይ ብሎኑን ስትከፍት የሚሆነው ከጠበቀችው ተቃራኒ ነው፤ ራዲያተሩ አየር አያወጣም፣ ከሳሎኗ አየር ይስባል። ቀዳዳው አጠገብ እርጥብ ሶፍት ብትይዝ ወደ ውስጥ ሲሳብ ታየዋለች። በበጎ ፈቃድ የጀመረችው ሥራ ችግሩን አባባሰው ማለት ነው፣ ስለዚህ ቶሎ መዝጋት አለባት።

መድኃኒቱ ያለው ላይ ሳይሆን ምድር ቤት ነው። ለከፍታው ከሚያስፈልገው 1.2 ባር በተጨማሪ ከ0.3 እስከ 0.5 ባር ትርፍ ይያዛል፤ ስለዚህ ለዚህ ሕንጻ ውሃው ቀዝቅዞ ፓምፑ ቆሞ ሳለ መለኪያው ከ1.5 እስከ 1.7 ባር ማሳየት አለበት። በተከራይ ቤት ይህ የሕንጻው ጠባቂ፣ የ«ሀውስማይስተሩ» ሥራ ነው። እሱም ጎማውን ከቧንቧው ጋር ካያያዘ በኋላ ወዲያው ከማሞቂያው ጋር አያገናኘውም፤ መጀመሪያ ጎማውን በውሃ ይሞላዋል። ይህን ካልዘነጋ በጎማው ርዝመት ያለውን አየር ሁሉ ወደ ማሞቂያው ከመግፋት ይድናል። 1.6 ባር ላይ ሲደርስ ያቆማል። አሁን ተከራይዋ ብሎኑን ስትከፍት እስስስ የሚለው ድምፅ ይመጣል። የወጣው አየር ቦታ ስለሚተው ግፊቱ እንደገና ዝቅ ይላል፣ 1.3 ላይ ቢወርድ ጠባቂው በድጋሚ ይሞላል። ሁለቱ በስልክ እየተነጋገሩ ቢሠሩት አንዱ ላይ አንዱ ታች ሲመላለስ የሚጠፋው ሰዓት ይቀራል።

በዓመት አንድ ጊዜ፣ ክረምት ሲገባ እንዲህ ማድረግ ያለ ነገር ነው። በየሁለት ሳምንቱ ከሆነ ግን አየሩ የሚገባበት በር አለ፤ ብዙ ጊዜ የሚጠረጠረውም ቦይለሩ አጠገብ ያለው የማስፋፊያ ጋን ነው። ውሃ ከ10 ወደ 70 ዲግሪ ሲሞቅ መጠኑ ከ2 በመቶ ትንሽ በላይ ይጨምራል፤ 200 ሊትር በያዘ ማሞቂያ ይህ ከ4 ሊትር በላይ ነው። ጋኑ በጎማ ሽፋን ለሁለት ተከፍሎ በአንድ ወገን የታመቀ ጋዝ ይዟል፣ የተረፈውን ውሃ ተቀብሎ ሲቀዘቅዝ ይመልሳል። ጋዙ ካለቀ ወይም ሽፋኑ ከተቀደደ ግን ውሃው ሲሞቅ መሄጃ ያጣና በደኅንነት ቫልቩ በኩል ይፈስሳል፣ ሌሊት ሲቀዘቅዝ ደግሞ ግፊቱ ከልክ በታች ይወርዳል፣ ላይኛው ፎቅም በየመገጣጠሚያው አየር ይስባል። ምልክቱ መለኪያው ላይ ይታያል፤ መርፌው ቀን ሽቅብ ተወንጭፎ ማታ ቁልቁል ይወድቃል። ይህን ሳያዩ በየጊዜው አዲስ ውሃ መሙላት ብቻ አዲስ ኦክስጅን ማስገባት ነው፣ ዝገቱም አተላውም ይጨምራል። እዚህ ደረጃ ላይ ባለሙያ ይጠራ።

አየሩ ወጥቶ፣ ግፊቱ ተስተካክሎ፣ የራዲያተሩ አናት ሞቆ ሳለ ከቦይለሩ የራቀው ክፍል አሁንም ቀዝቃዛ ከሆነ ጥፋቱ የአየር አይደለም። ውሃ ቀላሉን መንገድ ስለሚመርጥ ቅርብ ባሉት ራዲያተሮች ዞሮ ይመለሳል። ይህን ለማስተካከል ባለሙያ በየቫልቩ ውስጥ ያለውን ማስተካከያ እየተዘዋወረ ቅርቦቹን ጠበብ፣ ሩቆቹን ሰፋ ያደርጋቸዋል።

አሜሪካ ለሚኖር አንባቢ አንድ ማስጠንቀቂያ ይጨመር። በኒው ዮርክ ባሉ ብዙ አሮጌ ሕንጻዎች ራዲያተሩ የሚሞቀው በእንፋሎት እንጂ በውሃ አይደለም። ወለሉ ላይ የሚገባበት ቧንቧ አንድ ብቻ ሆኖ ጎኑ ላይ ጥይት የመሰለ ብርማ ነገር ከተሰካበት የእንፋሎት ነው። ያ ብርማ ነገር አየሩን በራሱ አስወጥቶ እንፋሎት ሲደርስበት በራሱ ይዘጋል፤ ማሞቂያው ሲነሣ እስስ ማለቱ ጤንነት ነው፣ ቁልፍም አይነካውም። ሲበላሽ ማሞቂያው ጠፍቶ ከቀዘቀዘ በኋላ ተፈትቶ በአዲስ ይተካል።