ሊብሬው ንጹህ ነው፤ ፋይሉስ?

ያገለገለ መኪና ሲሸጥ ደላላው ቀድሞ የሚያወጣው ሊብሬውን ነው። «ዕዳ የለበት፣ ዕገዳ የለበት፣ ይኸው!» ይላል። ገዢም በሊብሬው ላይ ያለውን ስም ከሻጩ መታወቂያ ጋር አስተያይቶ ቀብድ ይከፍላል። ሊብሬ ግን የሚናገረው በወጣበት ቀን የነበረውን ነው። ባለቤቱ ከዚያ ወዲህ መኪናውን አስይዞ ተበድሮ ወይም በፍቺ ክርክር ምክንያት ፍርድ ቤት እንዳይሸጥ አግዶት ከሆነ፣ ደብዳቤው የሚገባው መኪናው በተመዘገበበት የትራንስፖርት ቢሮ ካለው ፋይል ውስጥ ነው። ሊብሬው ላይ ምንም ላይታይ ይችላል።

ስለዚህ ከቀብድ በፊት ሻጩ ሊብሬውንና መታወቂያውን ይዞ ከገዢው ጋር እዚያው ቢሮ ይሂድና ፋይሉ ይታይ። «ዋናው ሌላ ቦታ ነው፣ ለጊዜው በኮፒ እንጨርስ» የሚል ሻጭ ካለ፣ ዋናው ሊብሬ አበዳሪ ባንክ እጅ ሊሆን እንደሚችል መጠርጠር ነው። በአዋጅ ቁጥር 1147/2011 መሠረት በተንቀሳቃሽ ንብረት ላይ የሚቋቋም መያዣ በብሔራዊ ባንክ ሥር ባለ የኤሌክትሮኒክ መዝገብም ስለሚሰፍር፣ በዚያ በኩል ማስፈተሹም አይከፋም።

ዕዳ ተገኘ ማለት ግዢው ቀረ ማለት አይደለም። መኪናው በ1,200,000 ብር ተስማምተውበት፣ የባንክ ዕዳው 350,000 ብር ቀርቷል እንበል። ገዢ ሙሉውን ለሻጭ ሰጥቶ «ነገ ይከፍላል» ብሎ ቢጠብቅ መያዣው መኪናውን ተከትሎ ይመጣበታል። ይልቅ ሁለቱም ባንኩ ድረስ ይሂዱ፤ ገዢው 350,000ውን በቀጥታ በብድሩ ሒሳብ ያስገባ፤ ባንኩም ዕዳው መሠረዙን ለትራንስፖርት ቢሮው በደብዳቤ ያሳውቅ። ቀሪው 850,000 ብር የሚከፈለው ደብዳቤው ፋይል ውስጥ ገብቶ ዕገዳው ሲነሳ ነው።

ቀጥሎ የሚታየው ሻንሲ ቁጥሩ ነው። እንደ ቪትዝና ኮሮላ ባሉት ላይ አብዛኛውን ጊዜ የሚገኘው ኮፈኑን ከፍተው ከሞተሩ ኋላ ባለው የብረት ግድግዳ ላይ ሲሆን፣ እንደ ሃይሉክስ ባሉት ደግሞ በቀኝ የፊት ጎማ አጠገብ ሻንሲው ራሱ ላይ ተመትቶ ነው። ለጃፓን ገበያ የተሠሩ ቶዮታዎች ቁጥራቸው NZE121 በመሰለ የሞዴል መለያ ጀምሮ ከሰረዝ በኋላ ተከታታይ ቁጥር ይይዛል። ለሌላ አገር የተሠሩት ግን በአብዛኛው 17 ፊደልና ቁጥር አላቸው፤ በእነዚህ ውስጥ I፣ O እና Q ፈጽሞ አይገቡም። ሊብሬው ላይ O ከታየ ዜሮ ተሳስቶ ተጽፏል ማለት ነው።

ቁጥሩን በዓይን ከማንበብ በላይ የሚረዳው ቅባቱን ጠርጎ፣ ስስ ወረቀት ለጥፎ በእርሳስ ማሸት ነው። የፋብሪካ ምት በእኩል ጥልቀትና በእኩል ርቀት ይወጣል። አንዷ ቁጥር ከወደቀች፣ አካባቢው በሞላ ከተፈገፈገ፣ የብየዳ ጠርዝ ወይም ከዙሪያው የተለየ አዲስ ቀለም ካለ ነገሩ ሌላ ነው። መኪናው የተሰረቀ ወይም በአደጋ የወደመ ሌላ መኪና ወረቀት የተሰጠው ሊሆን ይችላል።

የአንድ አኃዝ ልዩነት ግን ሁልጊዜ ወንጀል አይደለም። ሊብሬው 3 ሲል ብረቱ 8 ካለ፣ ዳኛው መኪናው ሲገባ የተሠራው የጉምሩክ ዲክላራሲዮን ነው። ዲክላራሲዮኑና ብረቱ ከተስማሙ ስህተቱ የጸሐፊ ነው፤ ሻጩ ቢሮው ሄዶ ያሳርም። ዲክላራሲዮኑና ሊብሬው ተስማምተው ብረቱ ብቻ ካፈነገጠ ግን ገዢ እጁን ይሰብስብ። የሞተር ቁጥር ሲለይ ብዙ ጊዜ ምክንያቱ የተቀየረ ሞተር ነው። ሻጩ ሞተሩን የገዛበትን ሰነድ አቅርቦ ለውጡን ማስመዝገብ አለበት። ዲክላራሲዮኑ ወይም ሊብሬው ከቀረጥ ነፃ መግባቱን የሚናገር ከሆነም ያልተከፈለው ቀረጥ ጉዳይ ከሽያጩ በፊት ይለቅ።

ሁሉ ከተስማማ ውሉ ውልና ማስረጃ ፊት ይፈረማል። ውሉ ላይ የሰሌዳ፣ የሻንሲና የሞተር ቁጥሩ ከእርሳሱ ቅጂ ጋር አንድ በአንድ ይመሳከር። «ስሙን ኋላ ታዞራለህ፣ ለጊዜው ውክልና ልስጥህ» የሚለው አቋራጭ ብዙዎችን አስለቅሷል፤ ውክልና ሊሻር ይችላል፣ ወካዩ ሲሞትም በመርህ ደረጃ ይቀራል። ፋይሉ ንጹህ በታየበት ቀንና ስም በሚዞርበት ቀን መካከልም አዲስ ዕገዳ ሊገባ ስለሚችል፣ ከዋጋው ጥቂቱ ስሙ እስኪዞር በገዢ እጅ እንዲቆይ ውሉ ላይ ይጻፍ።