መነጽር በአነስተኛ ገንዘብ

የዛሬው ንግግራችን ስለ መነጽር ወጪ ነው። ለምሳሌ አንድ የሽሮ ሜዳ ሸማኔን እንውሰድ። ዕድሜው 50 ነው እንበል።

ሰው ወደ 40 ዓመት ሲጠጋ በዓይኑ ውስጥ ያለው ሌንስ እየጠጠረ ይሄዳል። ሩቁ ይታያል፤ ቅርቡ ይደበዝዛል። ሸማኔያችን መጽሐፉን እያራቀ ያነባል። ድር ሲበጠስበትም ጫፉን በዓይኑ ሳይሆን በጣቱ ይፈልጋል። ይህ ከሽበት ጋር የሚመጣ ነገር ነው፤ የቅርብ መነጽር ይረዳዋል።

ተሠርቶ የሚሸጠው የቅርብ መነጽር ርካሽ ነው። በላዩ +1፣ +1.5፣ +2 የሚል ቁጥር አለበት። ቁጥሩ ከፍ ባለ መጠን ጥርት አድርጎ የሚያሳየው ይበልጥ ቅርብ ያለውን ነው። ስለዚህ ከመግዛታችሁ በፊት ከዓይናችሁ እስከ ሥራችሁ ያለውን ርቀት በስንዝር ለኩ። መጽሐፍ 2 ስንዝር ያህል፣ ማለትም 40 ሳንቲ ሜትር ይርቃል። የሸማኔያችን ጥለት ግን 3 ስንዝር፣ 60 ሳንቲ ሜትር ይርቃል። ሱቅ ውስጥ ጋዜጣ ይዞ ሲሞክር +2 ተስማማው። ታዲያ ሩቁን ያለ መነጽር አጥርቶ የሚያይ ሰው +2 ሲያደርግ፣ ከ50 ሳንቲ ሜትር ያለፈው ይደበዝዝበታል። ሽመናው ላይ ሲቀመጥ አንገቱን ሊደፋ ነው፤ ማታ ወገቡን ያመዋል። ለሥራው +1.25 ገደማ ይበቃዋል። ሲገዛ ጋዜጣውን 3 ስንዝር አርቆ መሞከር ነበረበት።

ይህ ተራ መነጽር የሚሆነው ሁለቱም ዓይኖች እኩል ሲሆኑ ነው። አንዱን ዓይን በእጃችሁ ሸፍናችሁ እዩ፤ ከዚያም ሌላውን። ልዩነት ካለ፣ ወይም ሩቁም ከደበዘዘ፣ መመርመር ያስፈልጋል። ከጤና ጣቢያ የሪፈር ወረቀት ይዛችሁ ወደ መንግሥት ሆስፒታል ሂዱ። ዳግማዊ ምኒልክ ሆስፒታል የታወቀ የዓይን ሕክምና ክፍል አለው። ከተመረመራችሁ በኋላ ቁጥሩ የተጻፈበትን ወረቀት ተቀበሉ። በእሱ ሁለት ሦስት መነጽር ቤት ዋጋ መጠየቅ ይቻላል።

መነጽር ቤት ስትገቡ የፍሬሙንና የሌንሱን ዋጋ ለየብቻ ጠይቁ። ገንዘብ የሚበላው ብዙ ጊዜ ፍሬሙ ነው። የድሮው ፍሬም ካልተሰበረ ሌንሱን ብቻ ማስቀየር ይቻል እንደሆነ ጠይቁ። ቀለምና የማያንጸባርቅ ቅብ ቢቀር ዓይን አይጎዳም። ለሽመና ብቻ ከሆነ ሩቅና ቅርብ በአንድ ላይ ያለበት ሌንስም አያስፈልግም።

በነፃ የሚደረግ የዓይን ሕክምና ዘመቻ ሲመጣ ደግሞ አስቀድማችሁ ምን እንደሚሰጥ ጠይቁ። ብዙዎቹ የሚመጡት የዓይን ሞራ ለመግፈፍ ነው፤ መነጽር ሁልጊዜ አይኖራቸውም። ነገር ግን በመነጽርም አልጠራ ያለው ዓይን ሞራ ሊኖረው ስለሚችል፣ እንዲህ ያለው ሰው ለሌላ መነጽር ከመክፈሉ በፊት እዚያ ይታይ። ዓይኑ በድንገት የጨለመበት ወይም ቀልቶ የሚያመው ሰው ግን ዘመቻ አይጠብቅም፤ በዚያው ቀን ሆስፒታል ይሂድ።